ኒያ፣ ኢኽላስና «ይዩልኝ» በሶላት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሪያእ ማውራት የተጀመረ እንደሆነ ዘካውም ሐጁም ዳዕዋውም ይመጣል፣ እዚህ ግን ሶላት ላይ ብቻ ነው የምንቆየው፣ ከተክቢራ በፊት ካለችው አፍታ ጀምሮ እስከ ማሰላመቱ። የመዝሃብ ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ ልዩነት አለ ብዬ አልፋለሁ፣ እናንተ የተማራችሁበትን ያዙ።

ኒያ በምላስ መባል አለበት እንዴ? «ነወይቱ ኡሰሊ...» ካላልኩ ሶላቴ አይቆጠርም?

ይቆጠራል። የኒያ ቦታው ልብ ነው፣ እዚህ ላይ ዑለማዎች አልተጣሉም። የተጣሉት በምላስ መጨመሩ ላይ ነው። የኋለኞቹ ሻፊዒዮችና ብዙ ሐነፊዮች ምላስ ልብን ስለሚያግዝ ይወደዳል ይላሉ፣ ኢብኑ ተይሚያና እሱን የተከተሉት ደግሞ ከነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሓባም አልመጣም ቢድዓ ነው ይላሉ። ከሻፊዒዮች ውስጥ አንድ ዓሊም «በምላስ መናገር ግዴታ ነው» ብሎ ነበር፣ መነሻው ኢማሙ ሻፊዒይ ሶላት በንግግር ነው የሚገባው ያሉትን ይዞ ነው፣ ኢማም አን-ነወዊይ ግን ተሳስቷል፣ ሻፊዒይ የፈለጉት ንግግር ተክቢራውን ነው ብለው መልሰውታል። ስለዚ የሚልም የማይልም ሶላቱ ላይ ችግር የለም፣ በዚህ ጉዳይ መስጂድ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሞ መነታረኩ ነው ትርፍ የሌለው። የሚል ሰው ግን ቀስ ብሎ ይበል፣ ጮክ ብሎ አጠገቡ ያለውን የሚረብሽ ሰው አለ።

እሺ ልቤ ውስጥ በትክክል ምን መኖር አለበት?

ብዙ ሰው ኒያን ልክ እንደ ፎርም መሙላት ያስበዋል፣ የረከዓው ቁጥር፣ ወደ ቂብላ መዞሩ፣ በወቅቱ መሆኑ፣ ኢማም መከተሉ ሁሉ አንድ በአንድ ካልተዘረዘረ የጎደለ ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። ለፈርድ ሶላት የሚፈለገው ትንሽ ነገር ነው፦ ልሰግድ ነው የሚለው፣ የቱን እንደሆነ ማወቁ (ዙህር ነው፣ ዐስር ነው)፣ በሻፊዒይ መዝሃብ ደግሞ ፈርድ መሆኑ። የረከዓ ቁጥር መቁጠር ግዴታ አይደለም ምክንያቱም ዙህር ካልክ አራት መሆኑ ታውቋል። ከኢማም ጋር ከሆንክ እሱን እየተከተልኩ ነው የሚለውን ትጨምራለህ። ልቅ የሆነች ሱና ከሆነች ልስገድ ብሎ መነሳቱ ይበቃል፣ ከፈርዶቹ በፊትና በኋላ ያሉት የታወቁ ሱናዎች ግን የቱ እንደሆነች ታስባታለህ።

ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው። ሰልፍ ላይ ቆመህ እጅህን ልታነሳ ስትል አንድ ሰው ድንገት «ምን ልትሰግድ ነው?» ቢልህ ሳታስብ «ዙህር» ትላለህ? ካልክ ኒያህ አለ።

ከተክቢራው ጋር እኩል መሆን አለበት ወይስ ቀድሞ ቢመጣም ይሆናል?

ሐነፊይና ሐንበሊይ ዘንድ ትንሽ ቀደም ቢልም ይሆናል፣ መሃል ላይ ከሶላት ጋር የማይገናኝ ስራ ካልገባ። ሻፊዒዮች ጋር ከተክቢራው ጋር መገናኘት አለበት፣ ግን ኢማም አል-ገዛሊና አን-ነወዊይ የመረጡት ሰዎች በተለምዶ «ይሄ ሰው ሶላቱን አስቦ ነው የገባው» የሚሉት ያህል መሆኑ ይበቃል የሚለውን ነው፣ በሰከንድ ተቆራርጦ ፊደል በፊደል አይለካም። ይሄንን ያልነገሩት ሰው ነው ወስዋስ ውስጥ የሚገባው።

ምላሴ «ዐስር» ብሎ ልቤ ግን ዙህር ነበር የያዘው

ዙህር ነው። የልብህ ነው የሚያዘው።

ኒያዬ አልተያዘልኝም ብዬ «አላሁ አክበር» እየደጋገምኩ እቸገራለሁ፣ ኢማሙ ሩኩዕ ሲወርድ ነው የምገባው

ይሄ ጥያቄ በጣም ብዙ ሰው ጋር አለ፣ ስለዚ ትንሽ እንቆይበት። መጀመሪያ ተክቢራውን ስትደጋግም ምን እየሆነ እንደሆነ እይ። አንደኛውን ተክቢራ አልክ፣ በሱ ሶላት ውስጥ ገባህ። ከዛ «አልተያዘም» ብለህ እንደገና ለመክፈት ሁለተኛውን አልክ። በሻፊዒዮች ፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ይሄ ጉዳይ ተጽፎ ያለ ነው፦ እያንዳንዱን ተክቢራ ሶላት ለመክፈት ብሎ ያለ ሰው በአንደኛው ይገባል፣ በሁለተኛው ይወጣል፣ በሶስተኛው ይገባል፣ በአራተኛው ይወጣል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ምክንያቱም አዲስ ሶላት መክፈት ማለት የነበርክበትን ማቋረጥ ነው። ስለዚ «ለጥንቃቄ» ብለህ አንዴ የደገምካት ተክቢራ ናት ከሶላት ያስወጣችህ፣ የተጠራጠርክባት የመጀመሪያዋ ግን ደህና ነበረች። ለጥንቃቄ ያደረግከው ነገር ራሱ ነው ያፈረሰብህ።

መፍትሄው በየወቅቱ አንድ ተክቢራ ብቻ ማለት ነው። ውዱእ አድርገህ፣ ቤትህን ለቀህ፣ ሰልፍ ውስጥ ገብተህ፣ ወደ ቂብላ ዞረህ ቆመሃል፣ ይሄን ሁሉ ያለ ኒያ አላደረግከውም። ከፈለግክ ከራስህ ጋር ተፋጠጥና ያለ ኒያ ለመስገድ ሞክር፣ አትችልም። እጅህን አንስተህ አንዴ አላሁ አክበር በልና ፋቲሓህን ጀምር፣ ጥርጣሬው ፋቲሓ ላይ ቢመጣም አትዙርለት፣ «አልተያዘም» የሚለው ድምፅ እየቀለለ የሚሄደው መልስ ሲያጣ ነው፣ መልስ በሰጠኸው ቁጥር ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል፣ ከኒያ ወደ ውዱእ፣ ከውዱእ ወደ ልብስ ንፅህና። ደጋግሞ የያዘውና ሌላ ኑሮውንም ያናጋበት ሰው ከኡስታዝ በተጨማሪ ሐኪም ማየቱ ነውር የለውም።

ኒያና ኢኽላስ አንድ ናቸው?

ይገናኛሉ ግን የሚመልሱት ጥያቄ ሌላ ሌላ ነው። እስካሁን ያወራነው ኒያ «ምኑን ነው የምሰግደው» ለሚለው ነው፣ ዙህርን ከዐስር፣ ፈርዱን ከሱናው ይለያል፣ የፊቅህ ሰዎች የሚያወሩት ስለሱ ነው። ኢኽላስ ደግሞ «ለማን ነው የምሰግደው» ለሚለው ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ፍፁም አሟልቶ ሁለተኛው ባዶ ሊሆንበት ይችላል፦ ዙህር፣ አራት ረከዓ፣ በወቅቱ፣ ከጀመዓ ጋር፣ ግን አማቹ ስላለ ብቻ የመጣ። ቡኻሪና ሙስሊም ዑመርን (ረ.ዐ) ጠቅሰው የዘገቡት «ስራዎች የሚለኩት በኒያ ነው» የሚለው ሐዲስ ሁለቱንም ይይዛል፣ ለዛ ነው ሐዲሱ ወደ አላህና መልእክተኛው የተሰደደውን ሰው ለዱንያ ወይም ሊያገባት ለፈለገ ሴት ከተሰደደው የሚለየው፣ የሄዱበት መንገድ ግን አንድ ነበር።

እየሰገድኩ ሰው ገባ፣ ሱጁዴን አስረዘምኩ። ሶላቴ ተበላሸ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ኢብኑ ማጃህ አቡ ሰዒድን (ረ.ዐ) ጠቅሰው በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓባዎች ስለ ደጃል ሲያወሩ ደርሰውባቸው ከደጃል በላይ የምፈራላችሁን ልንገራችሁ ብለው የነገሯቸው ይሄንኑ ነው፣ ድብቁ ሽርክ፣ ሰውየው ሊሰግድ ይቆማል፣ ሌላ ሰው እያየው መሆኑን ሲያይ ሶላቱን ያሳምራል።

እስቲ አንዱን ከነዝርዝሩ እንየው። ከዙህር በኋላ ያለችውን ሁለት ረከዓ ሱና መስጂዱ ጥግ ላይ ብቻህን እየሰገድክ ነው። የመጀመሪያዋ ሱጁድ ላይ ሁሌ «ሱብሐነ ረቢየል አዕላ» ሶስቴ ነው የምትለው። በሩ ሲከፈት ሰማህ፣ በሳሉ አወቅከው፣ የምታከብረው ሰው ነው። አምስተኛው ተስቢሕ ላይ ነህ፣ ስድስተኛው ላይ፣ ድምፅህም ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ቀና ስትልም ቀስ ብለህ ነው የተቀመጥከው። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ሰውየው ጫማውን ይዞ ወጣ። ፍጥነትህ ተመለሰ። ይሄ የተመለሰው ፍጥነት ነው ምስክሩ፣ ጭማሪው ለማን እንደነበር እሱ ይናገራል።

አሁን ፍርዱ። ኢብኑ ረጀብ ጉዳዩን ከፋፍለው ነው ያዩት። ከመጀመሪያውም ሰው ባይኖር የማይሰግድ፣ ለሰው ብቻ ብሎ የተነሳ፣ ስራው ከንቱ ነው፣ ወንጀልም አለበት። ለአላህ ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ስሜቱ የመጣበት ግን ሁለት ነው፦ መጥቶ ከገፋው ምንም አይጎዳውም፣ እዚህ ላይ ልዩነት የለም። ሳይገፋው አብሮት ከሄደ ልዩነት አለ፣ ኢማም አሕመድና አጥ-ጦበሪይ ያመዘኑት የመጀመሪያው ኒያው ስላለ ስራው አይፈርስም የሚለውን ነው። ስለዚ ከላይ ያለው ሰውዬ ሱናውን እንዲደግም የሚታዘዝ አይደለም፣ ያቺ የጨመራት ጭማሪ ላይ ግን ምንዳ እጠብቃለሁ ማለት ይከብዳል።

እና በዛች ሰዓት ምን ይደረጋል? ሶላቱን አታቋርጥ። ወደ ልማድህ ተመለስ፣ ሶስት ከሆነ የምትለው ሶስት ብለህ ተነስ፣ አምስት ላይ ከደረስክ እዛው አቁም። ሰዎች የሚሳሳቱት ተቃራኒውን ሲያደርጉ ነው፣ «ሪያእ እንዳይሆንብኝ» ብለው ወዲያው ያሯሩጡታል፣ እሱም ቢሆን ለዛው ሰውዬ የተደረገ ነው እኮ፣ አሁንም ሰውየውን ነው እያሰብክ ያለኸው። ስሜቱን በልብህ መጥላትህ ራሱ መግፋት ነው። ከዛ የምትለውን ቃል ትርጉም ያዝ። ካሰላመትክ በኋላ ከሶላት በኋላ የሚባለው ኢስቲግፋር አለ፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ እያሰብክ ራስህን መብላት አያስፈልግም።

ሪያእ ነው ወይስ ከሰው ጋር ስሆን ስለምበረታታ ነው? እንዴት ልለየው?

ሁለቱ በጣም ይምታታሉ። ሌሊት የማይነሳ ሰው ተሀጁድ ከሚሰግዱ ጓደኞቹ ጋር ሲያድር ይነሳል፣ ጾም የማያበዛ ከጾመኞች ጋር ይጾማል። ይሄ ሁሉ ሪያእ ነው ማለት ስህተት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ቤቱ የሚያዘናጋው ነገር ስላለ ነው፣ እዛ ደግሞ የሚቀሰቅሰው ሰው አለ። ኢማም አል-ገዛሊ ለዚህ የሰጡት ቴስት እስካሁን የተሻለ አላየሁም፦ እነዛ ሰዎች ሲሰግዱ አንተ ታያቸዋለህ እንበል፣ እነሱ ግን አንተን አያዩህም፣ መሃላችሁ መጋረጃ አለ። ያኔም ትነሳለህ? ከተነሳህ ያነሳሳህ የነሱ መስገድ ነው፣ ስገድ። አልነሳም ካልክ የፈለግከው የነሱን ዓይን ነው።

ቴስቱን ወደ ሶላት ዝርዝርም ማውረድ ይቻላል። ጀመዓ ላይ ስትሆን ኹሹዕህ የሚጨምረው የኢማሙ ቂርኣት ስለሚነካህ ከሆነ መጋረጃው ምንም አይቀይርም። ጎንህ ያለው ሰው ሲቀየር የሚቀየር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ገዛሊ ሌላ የረቀቀም ነገር ጠቅሰዋል። አንዱ ሰው ፊት አሳምሮ ብቻውን ሲሆን እንደሚያሯሩጥ አወቀና አፈረ፣ ስለዚ ብቻውን ሲሆንም ማሳመር ጀመረ፣ አሁን በሰው ፊት ሲያሳምር ሙናፊቅ አልሆንም ብሎ። እሳቸው ይሄም እዛው ነው ይላሉ፣ ምክንያቱም ብቻውን ሲሰግድም ሰዎቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ናቸው፣ ልምምድ እያደረገ ነው ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ትንሽ ደንግጫለሁ፣ ግን እውነት ነው።

ሪያእ ፈርቼ ብተወውስ? ሰው ካለ ሱና አልሰግድም

ፉደይል ኢብኑ ዒያድ ለሰው ብሎ ስራን መተውን ራሱን ሪያእ ብለውታል፣ ለሰው ብሎ መስራትን ደግሞ ሽርክ፣ ኢኽላስ ከሁለቱም አላህ ሲያተርፍህ ነው ብለዋል። የለመድከው ሱና ካለህ ሰው ኖረም አልኖረም ስገድ። አዲስ ነገር ልትጀምር ከሆነና ከመጀመሪያውም ለማሳየት መሆኑ ከታወቀህ እሱን ቤትህ አድርገው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) ጠቅሰው እንደዘገቡት ከፈርድ ውጭ የሰው በላጭ ሶላት ቤቱ ውስጥ የሚሰግደው ነው። ፈርዱ ግን በሪያእ ሰበብ ከጀመዓ አይቀርም፣ «እኔ ለይዩልኝ አይመቸኝም» ብሎ ፈርዱን ቤቱ የሚሰግድ ጎረምሳ አብዛኛው እንቅልፉን ነው እየጠበቀ ያለው፣ ይቅርታ።

ሰዎች «ማሻአላህ ሶላትህ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ አጅሬ ሄደ?

አልሄደም፣ ለነሱ ብለህ እስካልሰገድክ ድረስ። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ባወሩትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መልካም ስራ ሰርቶ ሰዎች ስለሚያመሰግኑት ሰው ተጠይቀው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ለሙእሚን የቀደመች ብስራቱ ናት ብለዋል። ምስጋናው ከስራው በኋላ ነው የመጣው፣ ደስታውም እንደዛው። መጠንቀቅ ያለብህ ነገ ነው፣ ያንኑ ሰው ስታየው ያቺኑ ምስጋና ፍለጋ ቆመህ እንዳትሆን። ምስጋናው ሲቀር የሚከፋህ ከሆነ እዛ ጋር ቆም በል።

ኢማም ነኝ፣ ድምፄን ማሳመር ሪያእ አይሆንም?

አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቂርኣቱን እንዳዳመጡ ሲያውቅ እያዳመጡኝ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ይበልጥ አሳምሬ እቀራልዎት ነበር ብሏል፣ አልተቃወሙትምም። ሰው ቁርኣንን እንዲያዳምጥ ብሎ ማሳመር አንድ ነገር ነው፣ ቃሪኡን እንዲያደንቅ ብሎ ማሳመር ሌላ። ኢማም ራሱን የሚያውቅበት ቦታ አለ፦ ብዙ ሰው ያለበት ቀን አዲስ መቃም የሚሞክር፣ ፈጅር ላይ አራት ሰው ሲሆን ግን አጭሯን ሱራ የሚያነባት ከሆነ።

ሌላው ሩኩዕ ላይ መቆየት ነው። ሰው ሲገባ ሰምቶ ረከዓውን እንዲያገኝ ትንሽ መቆየት ሻፊዒዮች ጋር ይወደዳል፣ ግን ሰው አለመለየት መስፈርት ነው፣ ሀብታሙ ሲመጣ ቆይቶ ልጁ ሲመጣ የማይቆይ ከሆነ ተበላሸ። የሚገርመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ህፃን ሲያለቅስ ለእናቱ ብለው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር፣ ስለዚ በሶላት ውስጥ ለሰው ማሰብ በራሱ ሪያእ አይደለም፣ ለሰው ማዘንና ከሰው ግምት መፈለግ የተለያዩ ናቸው።

ልጆቼ እንዲማሩ ብዬ ፊታቸው ብሰግድስ?

ስገድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ቆመው ሰግደው፣ ለሱጁድ ብቻ ወደታች እየወረዱ፣ ሲጨርሱ ይህን ያደረግኩት እንድትከተሉኝና ሶላቴን እንድትማሩ ነው ብለዋል። ልጆቹ የሚያዩት ሶላት ግን ሌላ ቀን ከምትሰግደው ጋር አንድ ይሁን፣ ልጅ ልዩነቱን ከማንም በፊት ያያል።

ስሰግድ የተነሳሁትን ፎቶ ፖስት ማድረግ?

ሶላት ውስጥ ሆኖ ለካሜራ ቦታ ያመቻቸ፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ታይመር የጫነ ሰው፣ ተክቢራውን ሲያደርግ ማንን እየጠበቀ እንደነበር ራሱን ይጠይቅ። ሳያውቅ ሌላ ሰው ያነሳው ከሆነ የሱ ሶላት ላይ ምንም የለውም፣ እሱን ወስዶ ስቶሪ ላይ መለጠፉ ግን የራሱ ምርጫ ነው፣ እኔ ባይለጥፈው ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሪያእ የሚጠብቅ የተለየ ዱዓ አለ?

አለ። «አላሁመ ኢኒ አዑዙ ቢከ አን ኡሽሪከ ቢከ ወአነ አዕለም፣ ወአስተግፊሩከ ሊማ ላ አዕለም»፣ አላህ ሆይ እያወቅኩ ካንተ ጋር ከማጋራት ባንተ እጠበቃለሁ፣ የማላውቀውን ደግሞ ምህረትህን እለምንሃለሁ ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽርክ ከጉንዳን ኮቴ በላይ ድብቅ ነው ብለው ለአቡበክር (ረ.ዐ) ያስተማሩት ነው።

ድሮ ለሰው ብዬ የሰገድኳቸውን ፈርዶች ቀዷ ላውጣ?

ለአላህም ለሰውም ተቀላቅሎብኝ ነበር ወይም መሃል ላይ ይመጣብኝ ነበር የምትል ከሆነ ተውበት አድርግና ወደፊት ቀጥል፣ ወደኋላ ተመልሰህ የአመታት ሶላት እየቆጠርክ አትቀመጥ፣ ይሄ የወስዋስ ሌላኛው በር ነው። ለአላህ ጭራሽ አልነበረም፣ ሰው ሲኖር ብቻ ነበር የምሰግደው፣ ውዱእም አልነበረኝም የሚል ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የሚያውቀው ዓሊም ጋር ሄዶ ከነዝርዝሩ ይጠይቅ።